የመምህሯ ልጅ እና የባለሱቁ ልጅ፦ የባህል ካፒታልን በ4 ገጽ መተንተን

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የሁለተኛ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነኝ። የተማሪዎችን የውጤት ልዩነት በባህል ካፒታል እንድንተነትን የ4 ገጽ አሳይመንት ተሰጥቶናል። በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በአንድ ክፍል የሚማሩ ሁለት የ10ኛ ክፍል ልጆችን አነጋገርኩ። የልጅቷ እናት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። የልጁ አባት ሱቅ አለው፤ ገቢው ከእናትየዋ ይበልጣል። በባዮሎጂ ሪፖርት እሷ ከ10 9 አገኘች፣ እሱ 4። እሷ ‹ከማስገባቴ በፊት እናቴ አይታ እንደገና አስጻፈችኝ› አለችኝ። እሱ ደግሞ ‹ከመጽሐፉ ላይ ገለበጥኩ፣ ረጅም ነበር እኮ› አለኝ። ረቂቄ ላይ ‹ሀብታም ቤተሰብ የባህል ካፒታል አለው፣ ድሃ ቤተሰብ የለውም› ብዬ ጽፌ ነበር። አስተማሪያችን ‹ይሄ ስለ ገንዘብ ነው፤ የባህል ካፒታሉን አሳዪኝ› ብለው መለሱልኝ። ያነጋገርኳቸው ልጆች ከሐሳቡ ጋር አይገጥሙም። ሌሎች ልጆች ልፈልግ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሌላ ልጅ አትፈልጊ። እነዚህን ሁለቱን ያዢ። አልገጠሙም ያልሽው ከረቂቅሽ ጋር ነው እንጂ ከሐሳቡ ጋር በደንብ ይገጥማሉ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። አንድ ሀብታምና አንድ ድሃ ብታነጻጽሪ ኖሮ ገንዘብ የሠራውንና ባህል የሠራውን መለየት አትችይም ነበር። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ነው የሚሄዱት። ሀብታሙ ልጅ መጽሐፍም አለው፣ አስጠኚም አለው፣ የተማሩ ወላጆችም አሉት። የትኛው ውጤቱን እንዳመጣው በምን ታውቂያለሽ? አንቺ እጅ ላይ ግን ገንዘቡ በአንድ ወገን፣ ውጤቱ በሌላ ወገን ነው። ብሩ ያለው ባለሱቁ ቤት ነው፣ 9ኙ የተገኘው መምህሯ ቤት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያልሆነ ሌላ ነገር መፈለግ ግድ ይሆናል።

ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ፒየር ቡርዲዮም ሐሳቡን ያወጣው ከእንዲህ ዓይነት እንቆቅልሽ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ከዣን-ክሎድ ፓሰሮን ጋር ስለ ፈረንሳይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። እዚያ አገር ዩኒቨርሲቲ ለመማር የሚከፈለው በጣም ትንሽ ነው። ሆኖም የገበሬና የሠራተኛ ልጆች ጥቂት ነበሩ፤ የገቡትም ብዙ ፈተና ይገጥማቸው ነበር። የሁለቱ ሰዎች መልስ የገንዘብን አጥር ማንሳት ብቻውን አይበቃም የሚል ነው። ትምህርት ቤት ሌላም ክፍያ ይጠይቃል፤ እሱን የሚከፍሉት ደግሞ ከቤታቸው ይዘውት የመጡ ልጆች ናቸው። ቡርዲዮ ራሱ ከደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ገጠር የወጣ፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ልጅ ነበር። የሚያወራውን ነገር በራሱ ላይ አይቶታል።

ቡርዲዮ ይህን ከቤት ይዘነው የምንመጣውን፣ ትምህርት ቤት ዋጋ የሚሰጠውን ነገር የባህል ካፒታል ይለዋል። ካፒታሉ በሦስት መልክ ይገኛል። አንደኛው በሰው ውስጥ ያደረው ነው፦ አነጋገር፣ የአጻጻፍ ልማድ፣ አስተማሪ ፊት የመቆም ድፍረት፣ «ጥሩ ሥራ» ምን እንደሚመስል ማወቅ። ሁለተኛው በዕቃ የተቀመጠው ነው፦ መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት፣ ኮምፒውተር። ሦስተኛው በወረቀት የተረጋገጠው ነው፦ ዲፕሎማ፣ ዲግሪ። ብዙ ተማሪዎች ሦስቱን ዘርዝረው አንድ ገጽ ይሞላሉ። አንቺ አታድርጊው። 4 ገጽ ነው ያለሽ። አንቺን የሚያስፈልግሽ የመጀመሪያው ነው፤ ሌሎቹን በአንድ ዓረፍተ ነገር እለፊያቸው።

ለምን የመጀመሪያው? ባለሱቁ ነገ ጠዋት ወጥቶ ለልጁ መጽሐፍ ሊገዛ ይችላል። መደርደሪያውን ሊሞላው ይችላል። መጽሐፉን የመጠቀም ልማድ ግን የሚገዛበት ሱቅ የለም። የሚገኘው በጊዜ ነው፤ ያውም ዓመታት በሚፈጅ ጊዜ። አጠገብሽ ሆኖ «ይሄ ዓረፍተ ነገር ከየት መጣ? በራስሽ ቃል ንገሪኝ» የሚልሽ ሰው ይፈልጋል። አስተማሪዋ እናት ለዚህ የተለየ ትርፍ ጊዜ ላይኖራት ይችላል። ግን ቀን ለሌሎች ልጆች የምታደርገውን ማታ ለልጇ ትደግመዋለች። አባትየው ደግሞ ሱቁን ዘግቶ ማታ 3 ሰዓት ቢገባና ልጁን ቢወደው እንኳ፣ ሪፖርት ምን መምሰል እንዳለበት ለሱም ማንም አልነገረው ይሆናል። ይህን ግምት አድርገሽ አትተዪው፤ ተመልሰሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አብዛኛው አሳይመንት የሚወድቀው ግማሽ መንገድ ላይ ስለሚቆም ነው። «እናቷ የተማረች ናት፣ ስለዚህ ልጅቷ ጎበዝ ሆነች» ብሎ ያበቃል። ይሄ ስለ ቤተሰብ ብቻ ይናገራል። የባህል ካፒታል ግን ስለ ትምህርት ቤትም የሚናገር ሐሳብ ነው። ሙሉ ትንተና ሦስት ቀለበት ያለው ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ቢጎድል ይበጠሳል።

የመጀመሪያው ቀለበት፦ ቤት ውስጥ ምን ተላለፈ? ሁለተኛው፦ ትምህርት ቤቱ ያንን ነገር ሳያስተምር ማርክ ሰጠበት ወይ? ሦስተኛው፦ የተሰጠው ማርክ የልጁ የራሱ ተሰጥኦ ሆኖ ታየ ወይ?

የባዮሎጂ ሪፖርቱን በዚህ እንየው። ቤት ውስጥ የተላለፈው ነገር የባዮሎጂ እውቀት አይደለም። እናትየዋ የሕዋስ ክፍሎችን ረስታቸው ሊሆን ይችላል። ያስተላለፈችው ሥራ ተጽፎ ሲያበቃ እንዳላለቀ ነው። ረቂቅ የሚባል ነገር አለ፤ ይታያል፣ ይሰረዛል፣ እንደገና ይጻፋል። ልጁ የነገረሽን ደግሞ በደንብ አዳምጪው። «ረጅም ነበር እኮ» ነው ያለሽ። ይህ ልጅ አልሰነፈም። ለፍቷል። በሱ እይታ ጥሩ ሪፖርት ማለት ረጅም፣ ከመጽሐፉ ያልወጣ፣ ስህተት የሌለበት ሥራ ነው። መጽሐፉን አክብሮ ነው የገለበጠው። የጎደለው ጥረት ሳይሆን ማርክ የሚሰጠው በምን እንደሆነ ማወቁ ነው። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር በማስታወሻሽ ውስጥ ካለው ሁሉ ትበልጣለች። እንዳለች ጥቀሻት።

ሁለተኛውን ቀለበት ገና አልያዝሽውም። የባዮሎጂ አስተማሪው ሪፖርቱን ሲያዙ ምን አሉ? በግልጽ «መግቢያ፣ ያያችሁት፣ መደምደሚያ፤ በራሳችሁ ቃል» ብለው ሰሌዳ ላይ ጻፉ? አንድ ናሙና አሳዩ? ወይስ «ስለ ሕዋስ ሪፖርት ጽፋችሁ አርብ አምጡ» ብለው ወጡ? መልሱ ትንተናሽን ይለውጠዋል። ካስተማሩ በኋላ ማርክ ከሰጡ የመጣው ልዩነት ከቤት ብቻ ላይሆን ይችላል። ሳያስተምሩ ከሰጡ ግን ፈተናው የቤት ፈተና ሆነ ማለት ነው። ቡርዲዮና ፓሰሮን ትምህርት ቤትን የከሰሱት በዚህ ነው፦ ያልሰጠውን መልሶ ይጠይቃል። አስተማሪውን ለመውቀስ አይደለም፤ 60 እና 70 ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉን ነገር ማሳየት ከባድ ነው። የምትጽፊው ስለ አሠራሩ ነው።

ሦስተኛው ቀለበት በእኛ ቋንቋ አንድ ቃል አለው፦ «ጎበዝ»። ማርኩ ከተሰጠ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ምን ይባላል? እሷ ጎበዝ ናት፣ እሱ ሰነፍ ነው። «ጭንቅላት አላት» ይባላል። በእናቷ ጠረጴዛ ላይ ያለፈው ጊዜ አይታይም። ቤት የተሠራው ነገር የተፈጥሮ ስጦታ መስሎ ይወጣል። ከሁሉም የሚያሳዝነው ልጁም ይህን ማመኑ ነው። «እኔ ትምህርት አይገባኝም» ብሎሽ ከሆነ ያቺን ጻፊያት። ቡርዲዮ ተምሳሌታዊ ጥቃት የሚለው ይህንን ነው፦ ማንም ሳይመታህ፣ የደረሰብህን ጉዳት የራስህ ጉድለት አድርገህ መቀበል።

ከራሴ አንድ ነገር ልጨምር። 9ኛ ክፍል ሳለሁ ፈተና ተመልሶ ሲሰጠን የአንድ ጓደኛዬ ድምር ተሳስቶ ነበር። ወረቀቱን ይዞ ቢሮ ሄደና አስደመረ። አባቱ የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ ነበር። የኔም ድምር በ6 ማርክ ተሳስቶ ነበር። አልሄድኩም። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ያደረገውን «ተሳስተሃል» ማለት ነውር ነው። ያደግኩበት ሥርዓት ክፉ አልነበረም። እዚያ ቢሮ በር ላይ ግን 6 ማርክ አስከፈለኝ። አሜሪካዊቷ ሶሲዮሎጂስት አኔት ላሮ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ተመሳሳይ ነገር አሳይታለች። ከ12 ቤተሰቦች ጋር ቀረብ ብላ ውሎአቸውን ተከታትላለች። አንዲት እናት ልጇን ሐኪም ዘንድ ስትወስደው መንገድ ላይ «የምትጠይቀውን አስብ» ትለዋለች። ልጁ ደርሶም ይጠይቃል። እንዲህ ያደገ ልጅ ተቋማት ለሱ እንደሚሠሩ ይሰማዋል። አንቺም ሁለቱን ልጆች «ማርክሽ ትክክል ካልመሰለሽ፣ ካልመሰለህ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። አንድ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ያወጣል።

ረቂቅሽ ውስጥ ያለችው «የለውም» የምትል ቃል መውጣት አለባት። ባለሱቁ ቤት ባህል የለም ማለት ስህተት ነው። ያ ልጅ አባቱን ካገዘ ብዙ ነገር ያውቃል። የማን ዱቤ ስንት እንደሆነ ያስታውሳል፣ በጭንቅላቱ ይደምራል፣ ማን ይከፍላል ማን አይከፍልም ከፊቱ ያነባል፣ ትልቅ ሰውን አክብሮ ገንዘብ መጠየቅ ይችላል። ይሄ ቀላል ችሎታ አይደለም። ግን በትምህርት ቤቱ ማርክ አይመነዘርም። ብር ይዘሽ ድንበር ብትሻገሪ ብሩ ወረቀት ሆኖ አይቀርም፤ እዚያ ሱቅ ግን አይቀበሉሽም። ካፒታልም እንደዚያ ነው። ዋጋው የሚወሰነው በሚቀርብበት መስክ ነው። ስለዚህ «የለውም» በሚለው ፋንታ «ያለው ነገር በዚህ መስክ ዋጋ አላገኘም» ብለሽ ጻፊ። ዓረፍተ ነገሩ ትንሽ ነው የተለወጠው፤ ትርጉሙ ግን ከቤተሰቡ ወደ ትምህርት ቤቱ ይዞራል።

እግረ መንገዴን፣ ከውጭ ጽሑፎች ላይ መለኪያ አትገልብጪ። ፈረንሳዮች ሙዚየምና ክላሲካል ሙዚቃ ይቆጥሩ ነበር። አንዳንዱ የኛ ተማሪ ይህን ይዞ «ሙዚየም ትሄዳለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እንግሊዝ አገር እንኳ አሊስ ሳሊቫን በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ከሙዚየሙና ከቲያትሩ ይልቅ ማንበብ ነው ከፈተና ውጤት ጋር የተያያዘው። እዚህ ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ባዮሎጂውም ሪፖርቱም በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። እዚህ አገር ከቤት ይዞ መምጣት ከሚያስፈልገው ነገር አንዱ ይሄ ቋንቋ ነው። ልጁ የገለበጠው በራሱ ቃል በእንግሊዝኛ መጻፍ ስላልቻለ ይሆን? ይህንንም ጠይቂ። በአማርኛ አስረዳኝ ብትዪው ሕዋሱን ጥርት አድርጎ ቢያስረዳሽ ትልቅ ማስረጃ አገኘሽ።

አሁን ደግሞ ሐሳብሽን ሊያፈርስ የሚችለውን ነገር ራስሽ አምጪው። ጎበዝ አራሚ የሚፈልገው ይህን ነው። ከሁሉ የሚከብደው ተቀናቃኝ ማብራሪያ የሌላው ፈረንሳዊ ሶሲዮሎጂስት የሬይሞን ቡዶን ነው። ቡዶን በ1973 እ.ኤ.አ. ቤተሰብ ትምህርትን የሚመዝነው ወጪውንና ጥቅሙን አስልቶ ነው አለ። የሚወርሰው ሱቅ ያለው ልጅ ለባዮሎጂ ለምን ይለፋል? አባቱ ያለ ዲግሪ ከአስተማሪዋ የበለጠ ያገኛል፤ ልጁ ይህንን በየቀኑ ያያል። እንግዲህ 4 ያገኘው ስላላወቀ ነው ወይስ ስላልፈለገ?

መለየት ይቻላል። የጥረቱን ምልክት ፈልጊ። ልጁ ረጅም ሪፖርት ጽፎ፣ 9 ጠብቆ፣ 4 ሲመጣ ከደነገጠ፣ ፈልጓል ግን አላወቀበትም። ያኔ የባህል ካፒታል ያሸንፋል። «ምን ያደርግልኛል» ብሎ በእረፍት ሰዓት ገልብጦ ከሆነ ደግሞ ቡዶን ይበልጥ ይገልጸዋል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ቢኖሩ እንደዚያው ብለሽ ጻፊ። ሐቀኛ ሁለት መስመር ከአንድ ገጽ ማስመሰል ይሻላል።

የጾታውንም ነገር አትዝለዪው። ልጅቷ ቤት ውስጥ ሥራ የምታግዝ ከሆነ ለጥናት የሚተርፋት ጊዜ ከልጁ ሊያንስ ይችላል። እንደዚያ ሆኖ 9 ካመጣች መከራከሪያሽ ይጠነክራል። አባትየው አስጠኚ ቀጥሮ እንደሆነም ጠይቂ። ቀጥሮ ከሆነ ገንዘብ ወደ ባህል ካፒታል ሲመነዘር እያየሽ ነው። ምንዛሪው ግን ቀስ ይላል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ አስጠኚ ጥያቄ ሠርቶ ቢያሳየውም፣ ዓመታት የፈጀውን ልማድ በአንድ ሴሚስተር አይተካውም።

አንድ ልማድ ደግሞ አለ። ብዙ ተማሪ መግቢያውን በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይከፍታል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። የባህል ካፒታል አንዱ ልጅ ከሌላው ለምን እንደተለየ ይገልጻል። አብዛኛው ልጅ አንድ ላይ ለምን እንዳላለፈ ለመግለጽ ስለ ትምህርት ቤቶቹ፣ ስለ አስተማሪ ዝግጅትና ስለ ፈተናው ራሱ ማውራት አለብሽ። ያ ሌላ ጽሑፍ ነው።

4ቱን ገጽ እንዲህ ብታካፍዪ ይበቃል። ግማሽ ገጽ ለእንቆቅልሹ፦ ገንዘቡ እዚህ፣ ውጤቱ እዚያ። ግማሽ ገጽ ለሐሳቡ፤ ከዚያ አይብለጥ። ሁለት ገጽ ሙሉ ለሪፖርቱ፣ በሦስቱ ቀለበቶች ቅደም ተከተል። የቀረው ለቡዶንና ለሁለት ልጆች ብቻ ማነጋገርሽ ለሚያመጣው ገደብ ነው። በሁለት ልጅ «በኢትዮጵያ የአስተማሪ ልጆች ይበልጣሉ» ማለት አትችይም። አሠራሩ እንዴት እንደሆነ ማሳየት ግን ትችያለሽ። ስማቸውንና የትምህርት ቤቱን ስም አትጻፊ፤ ልጆች ስለሆኑ የወላጆቻቸውንም ፈቃድ ያዢ።

የትንተናው አንቀጽ ምን ሊመስል እንደሚችል ላሳይሽ። የልጁን ቃል አንቺ የሰጠሽኝን ነው የተጠቀምኩት። የአስተማሪውን ነገር ጠይቀሽ ካረጋገጥሽ በኋላ ብቻ ነው እንደዚህ መጻፍ የምትችዪው።

«ሁለቱም ተማሪዎች አንድ ዓይነት ትእዛዝ ተቀበሉ። ትእዛዙ ሪፖርት እንዴት እንደሚጻፍ አይናገርም ነበር። ልጁ ይህን ክፍተት በሚያውቀው ሞላው፤ ሥራውን ከመጽሐፉ ገለበጠ፣ ርዝመቱንም እንደ ጥሩነት ቆጠረው። ልጅቷ በእናቷ እጅ ሞላችው፤ ረቂቋ ታይቶ እንደገና ተጻፈ። አስተማሪው ማርክ የሰጡት ለሁለተኛው ዓይነት ሥራ ነው። ስለዚህ የ5 ማርኩ ልዩነት የተፈጠረው ትምህርት ቤቱ ዝም ባለበት ቦታ፣ ሁለቱ ቤቶች በተለያየ መንገድ ስለመለሱ ነው።»

እዚህ ውስጥ «ሀቢተስ» የሚል ቃል የለም፤ ቡርዲዮ ከአስተዳደግ በሰው ውስጥ የሚያድረውን ልማድና ዝንባሌ የሚጠራው እንደዚያ ነው። «ተምሳሌታዊ ጥቃት» የሚልም የለም። እነሱን በሚቀጥለው አንቀጽ አንድ ጊዜ አምጪያቸው። መጀመሪያ የሆነው ነገር ይታይ፣ ስሙ ከኋላ ይምጣ።

ከማስገባትሽ በፊት ወደ ልጁ ተመለሺና ወረቀቱን እንዲያሳይሽ ጠይቂው። 4ቱ አጠገብ አስተማሪው ምን ጽፈዋል? ለምን 4 እንዳገኘ የሚናገር ቃል አለበት ወይስ ቁጥሩ ብቻ ነው? ቁጥሩ ብቻ ከሆነ ልጁ ለሚቀጥለው ሪፖርት ምን እንደሚያስተካክል አሁንም አያውቅም። ያንን ወረቀት በቃላት ገልጸሽ ሦስተኛው ገጽ ላይ አስገቢው።